ጥቆማ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ጥሩ የአልትራሳውንድ ማሽን ያለው ማን ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ጎረቤቶች። ምንም ሳያመኝ ለጠቅላላ ምርመራ ሄጄ የሆድ አልትራሳውንድ ተነሣሁ። ወረቀቱ «ብራይት ኤኮ ቴክስቸር፣ ፋቲ ሊቨር ግሬድ 1» ይላል። በሳምንቱ ሌላ ቦታ ብደግመው ግሬድ 2 አሉኝ። ዕድሜዬ 44፣ ኪሎዬ 84፣ አልጠጣም። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ ባለው ሦስተኛ የምነሣበት ቦታ ጠቁሙኝ።

የኮንዶሚኒየሙ፦ ከአደባባዩ ዝቅ ብሎ ያለው ክሊኒክ! ቤተሰባችን በሙሉ እዚያ ነው የሚታየው። እነሱ ያሉት ልክ ነው፣ አትጠራጠር።

የልጆች እናት፦ ግሬድ 2 ከሆነማ በሳምንት ወደ ግሬድ 3 እንዳይሄድብህ ፍጠን። ሥጋና ቅቤ አቁም።

ራጅ ክፍል፦ በሳምንት ጉበቱ አልተለወጠም፣ የተለወጠው ያየው ዓይን ነው። ስብ የገባበት ጉበት ማሽኑ የሚልከውን ድምፅ በብዛት ስለሚመልስ ስክሪኑ ላይ ይነጣል፤ «ብራይት» የሚሉት ይህን ነው። ባለሙያው ከቀኝ ኩላሊት ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ያስተያየዋል። ጉበቱ ከኩላሊቱ ነጥቶ የደም ሥሮቹ ጠርዝና ድያፍራሙ ጥርት ብለው ከታዩ ግሬድ 1 ነው። የሥሮቹ ጠርዝ ከደበዘዘ 2፣ ወደ ጀርባ በኩል ጨልሞ ድያፍራሙ ከጠፋ 3 ይባላል። በ1 እና በ2 መካከል ያለው ድንበር ቀጭን ነው፤ ምስሉን የሚያነጣው የማሽኑ ጌይን ሲጨመር ወይም ሆድ ላይ ስብ ሲበዛ ሁለት ጥሩ ባለሙያዎች ሊለያዩ ይችላሉ። ኩላሊቱ ራሱ ታሞ ከነጣ ደግሞ ንጽጽሩ ይሳሳታል። ሦስተኛ ቦታ ብትሄድ ሦስተኛ አስተያየት ነው የምትገዛው።

የገላኗ፦ እኔ ግሬድ 1 ተብዬ አንድ ቦታ ሦስት ጠርሙስ «የጉበት ማጽጃ» ሽሮፕ ሸጡልኝ። ጨርሼ ስነሣ ያው ግሬድ 1። ብሬን የሚመልስልኝ አለ?

የኮንዶሚኒየሙ፦ የአደባባዩ ክሊኒክ እንዲህ አያደርግም።

የገላኗ፦ ስሙን አልጠራሁም እኮ! ለምን ትከላከላለህ?

ሌላ ነዋሪ፦ ሽሮፑን ተዉትና ጥቁር አዝሙድ ከማር ጋር ጠዋት ጠዋት ይሞክር።

ራጅ ክፍል፦ እህቴ፣ ብሩ ያሳዝናል፤ ይህን ስብ አጥቦ የሚያወጣ ሽሮፕ የለም። በጭፍን የሚወሰድ ቅጠላ ቅጠል ጉበትን የሚጎዳበት ጊዜ አለ፣ ተጠንቀቁ። ጠያቂው ወንድሜ፣ ግሬዱ የሚነግርህ የስቡን መጠን እንጂ ጉበቱ ጠባሳ ይዞ እንደሆነ አይደለም። ግሬድ 1 ሆኖ ጠባሳ ያለበት ይኖራል፣ ግሬድ 3 ሆኖ የሌለበትም አለ። መለየት የሚጀምረው በደም ነው። ኤኤስቲና ኤኤልቲ የሚባሉትን የጉበት ኢንዛይሞች፣ ፕላትሌት ከሚቆጠርበት ሲቢሲ ጋር በአንድ ቀን ስጥ። ሄፓታይተስ ቢና ስኳርም ይታይ፣ ሄፓታይተስ ቢ ሕመም ሳያሳይ ስቡ ጎን ሊኖር ይችላልና።

ጠያቂ፦ የደም ውጤቱ ከመጀመሪያው ቀን አለ፦ ኤኤስቲ 38፣ ኤኤልቲ 49፣ ፕላትሌት 210 ሺህ። ሄፓታይተስ ቢ ነጌቲቭ። ስኳር አላሠራሁም።

ራጅ ክፍል፦ በጣም ጥሩ። ፊብ ፎር የሚባል ስሌት አለ። ዕድሜህን በኤኤስቲው ታበዛለህ፦ 44 በ38፣ 1672። ፕላትሌቱን በኤኤልቲው ስኩዌር ሩት ታበዛለህ፦ 210 በ7፣ 1470። መጀመሪያውን ለሁለተኛው ስታካፍል 1.14 ይመጣል። ከ1.3 በታች ስለሆነ የከፋ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው። ከ1.3 ቢያልፍ የጉበትን ጥንካሬ የሚለካው ፋይብሮስካን ያለበት ሆስፒታል መሄድ ነበረብህ። ከ35 ዓመት በታች ስሌቱ አይታመንም፤ ከ65 በላይ ደግሞ መስመሩ 2 ነው። አሁን የቀረህ ስኳሩና ኪሎው ነው። ከ84ቱ 6 ኪሎ ያህል በዝግታ ብትቀንስ ስቡ በግልጽ ይቀንሳል።

የልጆች እናት፦ ታዲያ ቅቤ ማቆሙ አልኩ አይደል!

ራጅ ክፍል፦ ቅቤው ይቀነስ፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ለስላሳ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ዳቦ ነው። ጾም ላይም ዘይት የበዛበት ወጥ ከዳቦ ጋር ሲበላ ጉበቱ ስብ ይሠራል።

ሶፋ ላይ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ አደባባዩ ጋ ስንት ነው? ሳልበላ ነው የምሄደው?

ራጅ ክፍል፦ ለእርግዝና በልተሽ ሂጂ። ሳይበሉ የሚኬደው ለሆድ ነው፣ ስድስት ሰዓት ያህል፤ ከተበላ ሐሞት ከረጢቱ ተኮማትሮ በደንብ አይታይም።

የኮንዶሚኒየሙ፦ ዋጋውን ነገ ጠይቄ እጽፍልሻለሁ። እሁድ ግን ዝግ ናቸው።

የገላኗ፦ ጠያቂው፣ የት ሄድክ በመጨረሻ?