በስህተት የሰረዝኩት የዘፈን ዝርዝርና ላይክ ያደረግኳቸው ዘፈኖች ይመለሳሉ?

ጠያቂ፦ አስቸኳይ ነው፤ እባካችሁ ድረሱልኝ። ለዓመታት ያጠራቀምኩትን ፕሌይሊስት በስህተት ሰረዝኩት፤ ላይክ ያደረግኳቸውን ዘፈኖችም አብሬ አጥፍቻለሁ። መመለስ ይቻላል?

ንጋት፦ እኔ ፎቶዎች በጠፉብኝ ጊዜ የተሰረዘ ፋይል የሚመልስ መተግበሪያ ጭኜ አብዛኞቹን አግኝቻለሁ። ሚሞሪ ካርዱን አውጥተው ይሞክሩት።

መቅረዝ፦ ፕሌይሊስት ካርድ ላይ የተቀመጠ ፋይል ስላልሆነ ይህ አይረዳም። የትኛውን መተግበሪያ ነው የሚጠቀሙት?

ጠያቂ፦ ስፖቲፋይ ነው እንጂ! ሌላ ምን ይሆናል?

ዘመናይ፦ መተግበሪያውን አጥፍተው እንደገና ይጫኑት። ደግሞም ሰው የሚወደውን ነገር በአንድ ቦታ ብቻ ማስቀመጥ የለበትም፤ ይህን ስንት ጊዜ ተናገርን!

መቅረዝ፦ እባክዎ አያጥፉት፤ ምክንያቱን እገልጻለሁ። ሁለቱ ጉዳዮች የተለያዩ ናቸው። ለፕሌይሊስቱ በብራውዘር ወደ አካውንት ገጽዎ ገብተው `Recover playlists` የሚለውን ይክፈቱ፤ ከተሰረዘ 90 ቀን ካልሞላው ስሙን ያገኙታል፣ ከጎኑም `Restore` ይጫኑ። ላይክ ለተደረጉት ግን እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም። በዚያው አካውንት የሚሠራና ከስረዛው ወዲህ ኢንተርኔት ያላገኘ ሌላ ስልክ ወይም ታብሌት ካለዎት፣ መተግበሪያውን ከመክፈትዎ በፊት ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉት፤ የድሮው ዝርዝር እዚያ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ገጽ በገጽ ስክሪንሾት ያንሱት። መተግበሪያውን ማጥፋት ይህን ቅጂ አብሮ ይወስደዋል።

ዘመናይ፦ መረጃቸውን ከድርጅቱ ቢጠይቁስ? `YourLibrary.json` ውስጥ ሁሉም አለ።

መቅረዝ፦ ያ ፋይል የሚያሳየው ዛሬ በላይብረሪዎ ያለውን ስለሆነ የተሰረዙት አይገኙበትም። የሚጠቅመው አብሮት የሚመጣው ያለፈው አንድ ዓመት የማዳመጥ ታሪክ ነው። እያንዳንዱ መስመር `artistName`፣ `trackName` እና `msPlayed` ይዟል፤ `msPlayed` ዘፈኑ ለምን ያህል ጊዜ እንደተደመጠ የሚያሳይ ሲሆን 1000 ማለት አንድ ሰከንድ ነው። ከ30000 በታች ያሉትን ቢያስወጡና የቀሩትን በድግግሞሻቸው ቢያሰልፉ፣ የወደዷቸው አብዛኞቹ ከላይ ይመጣሉ። ላይክ አድርገው ዓመቱን ሙሉ ያልሰሟቸው ግን አይታዩም።

ቀልደኛው፦ ዓመት ሙሉ ካልሰሟቸው መቼ ወደዷቸው ታዲያ?

ንጋት፦ እኔም እስማማለሁ፤ ዘፈኖቹ እኮ አልጠፉም። እየፈለጉ እንደገና ላይክ ያድርጉ።

ጠያቂ፦ ስማቸውን ባስታውስ ኖሮ መች እጠይቅ ነበር! ፕሌይሊስቱ ተመልሷል፤ መጀመሪያ ያልተመለሰ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ከዝርዝሮቼ ሁሉ ግርጌ ተቀምጧል። ታብሌቱ እህቴ ዘንድ ስላለ እንዳትከፍተው ነግሬያታለሁ።

መቅረዝ፦ ዋይፋይ አጠገብ ካለ ሳይከፈትም ራሱን ሊያስተካክል ስለሚችል አሁኑኑ ታጥፋው። የመረጃ ጥያቄውንም ዛሬውኑ ያቅርቡ፤ እስኪደርስ ቀናት ይወስዳል።

ዘመናይ፦ ታብሌቱ ምን አሳየ?