ውሻው «ራሱ ነው ሰንሰለቱን የበጠሰው» ተባልኩ፣ ሕግ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም እህት ወንድሞች። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ባለፈው ወር የጎረቤት ውሻ የ9 ዓመት ልጄን ባቷ ላይ ነከሳት። ቁስሉ ተሰፋ፣ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌም በየቀጠሮው እየወሰደች ነው፤ እኔም እሷን ሳመላልስ ከሥራ ቀረሁ።

የውሻው ባለቤት ጋሼ ግን «አስሬው ነበር፣ ሰንሰለቱን በጥሶ ወጣ፣ የኔ ጥፋት ምንድን ነው?» ይሉኛል። ሕግ የተማረ የአክስቴ ልጅ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2071 አሳየኝ። እንስሳው በድንገት ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆንም ባለቤቱ ይከፍላል ይላል። ስለዚህ ቸልተኛ ነበሩ ብዬ ማስረዳት የለብኝም፤ ውሻው የሳቸው መሆኑንና ልጄን የነከሳት እሱ መሆኑን ካሳየሁ ይበቃል። ይሄ ደስ አለኝ።

የተጣበቅኩት እዚህ ጋ ነው። ጋሼ አሁን «ውሻውን ውሰጂውና እንጨርስ» አሉኝ። ለካ ቁጥር 2073 የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎጂው ሰጥቶ ከኃላፊነት እንዲወጣ ይፈቅዳል፤ ጥፋት ካለበት ግን አይችልም። እኔ ውሻ ምን ያደርግልኛል? የመርፌውን ወጪ አይሸፍንልኝ!

ሰንሰለቱ የዛገ ነበር፣ ከዚያ በፊትም ውሻው ሁለቴ ሲያመልጥ ሌሎች ጎረቤቶች አይተዋል። ይህ እንደ ጥፋት ይቆጠራል? ምስክር ብቻ ይበቃኛል ወይስ የሰንሰለቱን ፎቶም ላቅርብ? መክሰሻው ጊዜ 2 ዓመት ነው ስለተባልኩ እንዳያልፈኝ ፈርቻለሁ።