«ከራስህ በላይ ማን ያውቅሃል?»

የአራዳው፦
ዛሬ ጠዋት ከአራት ኪሎ ፒያሳ በታክሲ ስሄድ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ታሮት በሚባለው ባለ ሥዕል ካርታ ዕድል አነባለሁ የምትል ሴት ቀርባ «ለራሳችሁ አንብቡ፣ ከራስህ በላይ ማን ያውቅሃል?» አለች። ጋዜጠኛው «ትክክል፣ ትክክል» ይላል። ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሴቶችም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ደሜ ፈላ። ልቡ የተሰበረ ሰው ለራሱ ካርታ ሲገልጥ የሚያየው ካርታውን ነው ወይስ ምኞቱን? የምታውቁ ተናገሩ።

ሳሮን፦
አንተን ምን አናደደህ? በገዛ ካርታዋ ነው ያወራችው። እኔ ለራሴ ማንበብ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሰው ጋ ሄጄ ብር ከፍዬ ጉዴን ከምዘረግፍ ቤቴ ቁጭ ብዬ አነባለሁ። ልክ ናት፣ ከራሴ በላይ የሚያውቀኝ የለም።

ዶማ፦
ከራስሽ በላይ የሚዋሽሽም የለም።

ወለላ፦
ዶማ፣ አፍህ ባይከፋ ነገርህ ልክ ነበር።

ለጓደኞቼ ካርታ ሳነብ ስምንት ዓመቴ ነው። ለራሴ በልቤ ጉዳይ አላነብም። ድሮ አነብ ነበር። አንድ ጊዜ የተለየሁት ሰው ይመለስ እንደሆነ ጠየቅሁና ሦስት ካርታ አወጣሁ። ያለፈው፣ የአሁኑ፣ የሚመጣው።

መጀመሪያ ሦስት ሰይፍ ወጣ፤ በሦስት ሰይፍ የተወጋ ልብ፣ ከኋላው ዝናብ። እሺ፣ ተጎድቻለሁ፣ ይኼ አላከራከረኝም። ሁለተኛው ስምንት ዋንጫ ነበር። ሥዕሉን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ አንድ ሰው ስምንት ዋንጫ ትቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣ በጨረቃ ወደ ተራራ ይሄዳል። እኔ ምን ብዬ አነበብኩት? «ያቺን አዲሷን ትቶ ወደ እኔ እየመጣ ነው!» ሰውዬው እኮ ጀርባውን ነው የሰጠኝ! ጓደኛዬ ይዛው ብትመጣ በአንድ ትንፋሽ «እርምሽን አውጪ፣ ሄዷል» እላት ነበር።

ሦስተኛው ግንቡ ወጣ። መብረቅ የመታው ግንብ፣ ሰዎች ከላይ ሲወድቁ። ደስ አላለኝም። «ማብራሪያ ካርታ» ብዬ አንድ ጨመርኩ፣ መናኙ ወጣ፤ ብቻውን ፋኖስ ይዞ የቆመው ሽማግሌ። እሱም አልጣመኝም። አንድ ጨመርኩ፣ ሁለት ዋንጫ መጣ፤ ወንድና ሴት ዋንጫ ለዋንጫ። እዚያ ላይ አቆምኩ። ፎቶ አንስቼ ለእህቴ የላክሁት የመጨረሻዋን ብቻ ነው።

ሰውዬው አልተመለሰም። ደብተሬ ላይ አምስቱንም ስለጻፍኩ ነው እንጂ ዛሬ ብትጠይቁኝ «ሁለት ዋንጫ ወጥቶልኝ ነበር» ነበር የምላችሁ።

የአራዳው፦
ይኼን ነው ያልኩት! ከአምስቱ አንዷን ይዘሽ ሄድሽ።

ሳሮን፦
ወለላዬ፣ ያኔ ገና ጀማሪ ስለነበርሽ ነው። አሁን ብታነቢ እንደዚያ አታደርጊም። እኔ ሳነብ ውስጤ ይነግረኛል።

ዶማ፦
ውስጥሽ ምን አለሽ? «አንድ ጨምሪ»?

ጋሽ ጡረታ፦
ልጆች፣ እኛ ቤት ሲኒ ይታይ ነበር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የሰፈሩን ሁሉ ሲኒ ታያለች፣ የራሷን ግን አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። ሲኒዋን ደፍታ ለጎረቤት ትሰጥ ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «የራሴ አተላ ያባብለኛል» አለችኝ። ታሮት የምትሉትን አላውቅም። ነገሩ ግን ያው ይመስለኛል።

ወለላ፦
ጋሼ፣ «ያባብለኛል» ያሉት ቃል እኔ በአምስት ካርታ የተናገርኩትን ጨረሰው።

ሄኖክ፦
እኔ ደግሞ በዲቪ ነገር ጥያቄ አለኝ። በየዓመቱ ውጤት ከመውጣቱ በፊት አንድ ካርታ አወጣለሁ። ዘንድሮ ኮከብ ወጣ። የአሜሪካ ባንዲራ ላይ ኮከብ አለ። ጥሩ ነው አይደል?

ዶማ፦
የኢትዮጵያ ባንዲራ ላይም አለ ወንድሜ።

ሄኖክ፦
እሱን አላሰብኩትም። አምና ጨረቃ ነበር የወጣው፣ «በሌሊት በረራ» ብዬ ተርጉሜው ነበር። አልደረሰኝም።

የአራዳው፦
ሄኖክ፣ ምን ካርታ ቢወጣ ነበር «ዘንድሮ አይደርሰኝም» የምትለው?

ሄኖክ፦
እ… እንጃ። ሞት?

ሳሮን፦
ሞት ለውጥ ማለት ነው እንጂ ሞት አይደለም። ይኼንን ጀማሪም ያውቃል።

ሄኖክ፦
ታዲያ ለውጥ ከሆነ አሜሪካ ነው!

ፍቅረ ማርያም፦
ወገኖቼ፣ ይኼ ሁሉ ክርክር ምን ያደርጋል? ዘዳግም 18 ሟርትን በግልጽ ይከለክላል። ለራስ ሆነ ለሌላ፣ ያው ሟርት ነው። የሰይጣን መጽሐፍ ይዛችሁ እንዴት ይነበብ ትላላችሁ?

ዶማ፦
የሰይጣን መጽሐፍ ሳይሆን የጣሊያን መጫወቻ ነበር። ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ካርታ መጫወቻ ሆኖ ነው የተጀመረው፣ ጥንቆላው ብዙ ዘግይቶ ነው የገባው። ወለላ የምታወራው ሥዕል በ1909 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የወጣ ነው፤ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የምትባል ሠዓሊ የሣለችው።

የአራዳው፦
ፍቅረ ማርያም፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኛ ቤት ሰው ሲጨንቀው ዳዊት ይገልጣል። «ጌታ ምን ይለኛል» ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ። «ጠላቶቹን ይበትናቸዋል» የሚለው ከወጣ ቢሮ ካለው አለቃ ጋር ያገናኘዋል። የንስሐ መዝሙር ከወጣ «አይ፣ ገጹ ሳይገለጥ ነው» ብሎ ደግሞ ይገልጣል። ይኼስ?

ፍቅረ ማርያም፦
ዳዊትን ከካርታ ጋር ታነጻጽራለህ? አፍህን ያዝ!

የአራዳው፦
መጽሐፉን ከካርታው ጋር አላነጻጸርኩም። ሁለተኛ የሚገልጠውን እጅ ነው ያነጻጸርኩት።

ፍቅረ ማርያም፦
ለጸሎት መግለጥና ለሟርት መግለጥ አንድ አይደለም። እኔ ግን ደግሜ አልገልጥም። (አንዳንዴ ካልሆነ።)

ዶማ፦
«አንዳንዴ ካልሆነ»! ይቺን ክፈፉልኝ።

ስድስት ኪሎ፦
ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ። የአራዳው የያዛት «ሁለተኛ የሚገልጠው እጅ» ናት ዋናዋ ነገር። ስለ ኮንፈርሜሽን ባያስ፣ ማለትም የምናምነውንና የምንመኘውን የሚደግፈውን ብቻ ስለ መፈለግ ዝንባሌ፣ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያስበው ትርጉም ማጣመምን ብቻ ነው። እኔ ግን «መቼ እናቆማለን» የሚለው ይበልጥ ያሳስበኛል።

በ1992 እ.ኤ.አ. ዲቶና ሎፔዝ የሚባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን በምራቃቸው አንድ ኢንዛይም እንዲመረምሩ አደረጉ። ቢጫ ወረቀት ሰጧቸው። ኢንዛይሙ የፈጠራ ነው፣ ወረቀቱም ቀለሙን የማይቀይር ተራ ወረቀት ነው። ለአንዱ ቡድን «ካልተቀየረ ጤነኛ ነህ» ተባለ፣ ለሌላው «ካልተቀየረ ችግር አለብህ»። ሁለቱም ያዩት ያንኑ ቢጫ ነው። መጥፎ ዜና የደረሳቸው ግን ረዘም ላለ ጊዜ ጠበቁ፣ እንደገና የመረመሩትም በእነሱ በኩል በዙ። መልካም ዜና የደረሳቸው ቶሎ አምነው ጨረሱ። እነዚህ ተማሪዎች ዋሽተው አይደለም። መጥፎውን ዜና በጥንቃቄ መረመሩት፣ ጥሩውን ግን እንዳለ ተቀበሉት።

ወለላ፣ አንቺም እንደዚያ ነው ያደረግሽው። ሦስተኛው ካርታ ሁለት ዋንጫ ቢሆን ኖሮ ማብራሪያ ትጨምሪ ነበር?

ወለላ፦
በፍጹም። ቡና አፍልቼ ነበር።

ስድስት ኪሎ፦
በቁጥር እዩት። ከካርታዎቹ ግማሹ «ጥሩ» ይመስልሻል እንበል። አንድ ጊዜ ብቻ ብታወጪ ጥሩ የማግኘት ዕድልሽ ግማሽ ነው። መጥፎ ሲመጣ ብቻ እስከ ሦስተኛ ካርታ ብትቀጥይ ግን ከስምንት ሰባት ጊዜ በጥሩ ላይ ታቆሚያለሽ። ካርታው ምንም ሳያውቅ።

ሳሮን፦
ይኼ ሁሉ ሒሳብ ስሜት ላይ ነው የተንጠለጠለው። ሰው ሲረጋጋ እኮ በትክክል ያነባል። እኔ ካለቀስኩ ሦስት ቀን አልነካም። ሦስት ቀን ጠብቁ፣ ይበርዳል፣ ያኔ አንብቡ። አለቀ።

ስድስት ኪሎ፦
ግማሹ ልክ ነው፣ መጠበቅ ይረዳል። ግን ስሜት ባይኖርም እጃችን ወደዚያው ያደላል። ዋሰን የሚባል እንግሊዛዊ በ1960 እ.ኤ.አ. ለሰዎች 2፣ 4፣ 6 ብሎ ሰጣቸውና ሕጉን ፈልጉ አላቸው። ብዙዎቹ «በሁለት የሚጨምር ነው» ብለው 8፣ 10፣ 12 እያሉ ሞከሩ። ልክ ነው፣ ልክ ነው እያለ ይመልስላቸዋል። ሕጉ ግን ከትንሽ ወደ ትልቅ መሆን ብቻ ነበር። 1፣ 2፣ 3 ቢሉ ኖሮ ሐሳባቸው ወዲያው ይፈርስ ነበር። 2፣ 4፣ 6ን የሚያፈቅር ሰው አለ? የለም። እንዲያም ሆኖ ሐሳቡን የሚያፈርስበትን ቁጥር ከመሞከር የሚያረጋግጥለትን መረጠ። ፍቅር ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት።

ዶማ፦
እሺ መምህር፣ ታዲያ ለሌላ ሰው ማንበብስ? ወለላ ለጓደኞቿ ስታነብ ልክ ናት ማለት ነው? እኔ ሁለቱም ያው ወረቀት ነው ባይ ነኝ።

ወለላ፦
ካርታው ነገ የሚሆነውን ያውቃል አላልኩም። ጓደኛዬ ስትመጣ ስምንት ዋንጫን ስምንት ዋንጫ ብዬ አነባለሁ ነው ያልኩት። ይኼም ቢሆን ገደብ አለው። ፊቷን እያየሁ እኮ ነው የማነበው። ማልቀስ ስትጀምር እኔም አለሰልሳለሁ።

አሁን ለራሴ የማደርገው ይኼ ነው፤ ካርታውን ከመንካቴ በፊት ጥያቄውን እጽፋለሁ፣ ስንት ካርታ እንደማወጣ እጽፋለሁ፣ «አይሆንም» የሚለኝ ምን ዓይነት ካርታ እንደሆነም እጽፋለሁ። ማብራሪያ የሚባል ነገር የለም። የወጣውን በሙሉ ጽፌ ቀኑን አስቀምጣለሁ። ብዙ ጊዜ ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ እተወዋለሁ። «አይሆንም» የሚለኝ ካርታ አንድም ካጣሁ እያነበብኩ ሳይሆን ፈቃድ እየጠየቅሁ ነው።

ዶማ፦
ያንን ሁሉ ከምትጽፊ ለሰውዬው ደውዪለት።

ጋሽ ጡረታ፦
ዶማ፣ አንተ ልጅ አግብተሃል?

ዶማ፦
ጋሼ፣ እሱን አያንሱት።

ሳሮን፦
እሺ፣ አስለፈለፋችሁኝ። ዛሬ ማታ እንደ ወለላ አደርጋለሁ። አንድ ካርታ ብቻ። አይታችሁ ትፈርዳላችሁ።

ሄኖክ፦
እኔም የዲቪውን።

የአራዳው፦
እኔ አሁንም ያቺን የሬዲዮ ሴትዮ አልማርኳትም። «ከራስህ በላይ ማን ያውቅሃል» ብላ ለስንቱ አምስት ካርታ አስወጣች!

ፍቅረ ማርያም፦
ሁላችሁም ንስሐ ግቡ።

ሳሮን፦
አወጣሁ። ሞት ወጣ። ለውጥ ነው አይደል? ወለላ፣ የእኔንና የፍቅረኛዬን ሁኔታ ይለውጣል ማለት ነው ብዬ አነበብኩት።

ወለላ፦
ከማውጣትሽ በፊት «አይሆንም» ማለት ምን እንደሆነ ምን ብለሽ ጻፍሽ?

ሳሮን፦
ወረቀቱን አጣሁት።