ካርታው ላይ ያለው ሱቅ አሁንም እዚያው መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። የእናቴ የልብስ ስፌት መኪና ተበላሽቶ ጠጋኝ ሳፈላልግ፣ ጉግል ካርታ ላይ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ አንድ ሱቅ አገኘሁ። መኪናው ከባድ ነው፤ በባጃጅ ጭኜ ሄጄ ሱቁን ባጣው ድካሙም ወጪውም ድርብ ነው። ባለፈው ወር በሌላ ሱቅ እንዲሁ ሆኖብኛል። ካርታው «ክፍት» ይል ነበር፣ ስደርስ ግን ቤቱ ፀጉር ቤት ሆኗል።

ስለዚህ አሁን አስተያየቶቹን ከአዲሱ ጀምሬ አየሁ፤ የመጨረሻው ከ3 ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። ገጹ ላይ «Claim this business» የሚልም አለ፤ ይህ ማለት ባለቤቱ ገጹን አልተረከበውም፣ ምልክቱን ሌላ ሰው አስቀምጦት ሊሆን ይችላል። በሱቁ ስም ያለው የቴሌግራም ቻናል ደግሞ በቅርቡ ለጥፏል፣ አድራሻው ግን ሌላ ሰፈር ነው።

ስልኩን ደውዬ «አሁንም እዚያው ናችሁ?» ስላቸው «አዎ፣ ይምጡ» ብለው ዘጉት። የቱን ሰፈር እንዳሉ አላወቅሁም፤ ጥያቄዬ ራሱ መልሱን ሰጣቸው። ቦታውን ሳልጠራ «ከምን አጠገብ ናችሁ?» ብል ይሻል ነበር።

ደግሜ ስደውል በቴሌግራም ሎኬሽን ላኩልኝ ልበል? የተላከው ሎኬሽን የሱቁ ይሁን የሰውየው ቤት በምን ልለይ? የዛሬውን የሱቁን በር ፎቶ መጠየቅስ ነውር ይሆን? የሞከራችሁ ንገሩኝ፤ ቅዳሜ ልሄድ ነው።