ምጸት ያለበት መልእክት ሲተረጎም ምስጋና ሆኖ ቀረ፤ ምን ማድረግ ነበረብኝ?

ጥያቄ፦ ሕይወት

በሁለት ቋንቋ በሚጻጻፍ የሥራ ቡድን ውስጥ አጫጭር መልእክቶችን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እተረጉማለሁ። አንድ ባልደረባችን 12 ቀን ዘግይቶ የደረሰን ሰነድ ሲቀበል ለላኪዋ እንዲህ ጻፈ፦ «እርስዎማ ምን ይሳንዎታል! እንዲህ ያለ ፍጥነት አይተን አናውቅም። እናመሰግናለን።» ቃል በቃል ተረጎምኩት። እርሷም ደስ ብሏት «ምንም አይደል፣ ወደፊትም ዝግጁ ነኝ» ስትል መለሰች። እርሱ ይህን ሲያነብ ያላገጠችበት መሰለው። አሁን ሁለቱ አይጻጻፉም፤ ጥፋቱ ደግሞ የእኔ እንደሆነ ይሰማኛል። ምጸቱ እንዲደርሳት ምን ማድረግ ነበረብኝ?

መስፍን

እህቴ፣ ለዚህ እኮ የራሳችን ምልክት አለን። የተገለበጠው ቃለ አጋኖ «¡» ትእምርተ ስላቅ ይባላል፤ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲገባ የተባለው ነገር የምር እንዳልሆነ ያስታውቃል። ባልደረባችሁ እርሱን ቢጠቀም ኖሮ አንቺም አትደናገሪም ነበር። ለእንግሊዝኛ አንባቢ ደግሞ መጨረሻው ላይ `/s` ብለሽ ጨምሪበት፤ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ካልሆነም ዓይኑን የሚያገላብጠውን ፊት 🙄 አስከትይ። ከዚህ በላይ የሚያስጨንቅ ነገር አይታየኝም።

ዘነበ

አቶ መስፍን ስለ ትእምርተ ስላቅ ያሉት እውነት ነው፤ እንዲህ ያለ ምልክት ያለው ጽሕፈት ብዙ አይደለም። ነገር ግን ምልክት የሚሠራው ጸሐፊውም አንባቢውም ሲያውቁት ነው። ያንኑ «¡» ስፓኒሽ የሚያነብ ሰው ቢያየው የአጋኖ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ነው ብሎ ያልፈዋል። `/s` ደግሞ በበይነ መረብ ጨዋታ ለኖረ ሰው ግልጽ ነው፤ የሥራ ደብዳቤ ብቻ ለለመደ ሰው ግን በስሕተት የተነካ ፊደል ይመስለዋል። የሚያውቀውም ቢሆን «ቀልዴን ነው» ብሎ ሊረዳው ይችላል። ባልደረባችሁ ደግሞ ቅር ብሎታል እንጂ አልቀለደም።

ወይዘሮ ሕይወት፣ እስቲ አማርኛው ምን ተሸክሞ እንደነበር እንመልከት። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይንገሩን፦ ይህ ሰው ላኪዋን ሁልጊዜ «እርስዎ» እያለ ነው የሚጽፍላት?

ሕይወት

አይደለም፣ ሁልጊዜ «አንቺ» ነው የሚላት። ስተረጉመው ልብ አላልኩትም። ለነገሩ በእንግሊዝኛው ልዩነቱ አይታይም።

ዘነበ

የጠፋው እንግዲህ እዚያ ላይ ነው። በአቻዎች መካከል «አንቺ» ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች ድንገት ወደ «እርስዎ» ሲሻገሩ አማርኛ አንባቢ ወዲያው ጆሮውን ያቆማል። ክብሩ ከቦታው ውጭ ስለገባ ክብር መሆኑ ይቀራል። «እርስዎማ» ላይ ያለችው «ማ» ደግሞ «ከሌላው ሁሉ እርስዎን ለይቼ» የምትል ናት፤ ለምስጋናም ለነቀፋም ታገለግላለች። «ምን ይሳንዎታል» የተባለው ደግሞ ለሰው ሲነገር ከልክ በላይ ነው፤ ከልክ ማለፉ ራሱ የምጸት ምልክት ነው። እነዚህ ሦስቱ ሲተረጎሙ ወደቁ። የቀረው «በጣም ፈጣን ነሽ፣ እናመሰግናለን» የሚል ነው፤ ይህ ደግሞ በእንግሊዝኛ የሥራ መልእክት ውስጥ በየቀኑ የሚጻፍ የጨዋ ቃል ነው። ስለዚህ ሴትዮዋ በደንብ ነው ያነበበችው።

ከቋንቋው በስተጀርባ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ምጸት እንዲገባ አንባቢው እውነታውን ማወቅ አለበት፤ ጸሐፊው ያንን እውነታ እንደሚያውቅም ማወቅ አለበት። እዚህ ላይ እውነታው የ12 ቀን መዘግየት ነው። በመልእክቱ ውስጥ ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም። ስለዚህ እኔ ብሆን ኖሮ ከምልክት ይልቅ ያንን እውነታ ከምስጋናው አጠገብ አስቀምጠው ነበር። እንግሊዝኛው በአማርኛ ሲነገር ይህን ይመስላል፦

«ሰነዱ የሚጠበቀው በ3 ነበር፤ ዛሬ 15 ነው። እንዲህ ያለ ፍጥነት አይተን አናውቅም።»

ቀኑ ቀድሞ ስለተነገረ ምስጋናው ከእርሱ ጋር ይጋጫል፤ አንባቢዋም ግጭቱን ራሷ ታየዋለች። የድምፅ ቃና ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን የዓረፍተ ነገሮቹ ቅደም ተከተል ይሠራዋል። «እናመሰግናለን» የሚለውን ግን አውጥቼዋለሁ። አንባቢ መጨረሻ ላይ ያገኘውን ቃል ይዞ ስለሚመልስ «እናመሰግናለን» ካለ «ምንም አይደል» መከተሉ አይቀርም።

የኔነሽ

የእኔም ጉዳይ ይኸው ነው፤ ተርጓሚ ግን የለበትም። የወንድሜ ልጅ ያደገችው በሌላ ቋንቋ ነው፤ አማርኛ ማንበብ የተማረችው አድጋ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ድምፅዋን ስታጠፋብኝ «አይ ጎበዝ! አክስትሽን መቼም አትረሺም» ብዬ ጻፍኩላት። ልብ የሚያሳዩ ሦስት ምስሎች ላከችልኝና «እኔም እወድሻለሁ» አለችኝ። «ጎበዝ» ማለት መልካም ነገር እንደሆነ ተምራለች፤ «አይ» ከፊት ሲመጣ ምን እንደሚያደርገው ግን ማንም አልነገራትም። ቅሬታዬን ልንገራት ብል ደስታዋን መንጠቅ ሆነብኝ፤ ዝም ብል ደግሞ አሁንም አትደውልም። እናንተ ብትሆኑ ትነግሯት ነበር?

ኤልሳቤጥ

እኔ የቃል አስተርጓሚ ነኝ፤ በአቶ ዘነበ መፍትሔ አልስማማም። ሰውዬው «በ3 ይጠበቅ ነበር» ብሎ አልጻፈም፤ «እናመሰግናለን» ያለው ግን እርሱ ነው። ተርጓሚ ያልተባለውን የሚጨምር፣ የተባለውን የሚያስወግድ ከሆነ መልእክቱ የማን ነው? በቃል ስተረጉም ድምፄ ያግዘኛል፤ ቃሉን ሳልነካ ምጸቱን በአነጋገሬ አሳልፋለሁ። በጽሑፍ ይህ ስለሌለ መልእክቱን እንዳለ ተርጉመሽ ከሥሩ በራስሽ ስም አንድ መስመር ጻፊ፦ «ከተርጓሚዋ፦ ጸሐፊው ይህን የተናገሩት በምጸት ነው፤ ሰነዱ ከቀነ ገደቡ በኋላ ስለ መድረሱ ቅሬታ አላቸው።» ይህ ለሁሉም ወገን ታማኝ ነው።

ዘነበ

ወይዘሮ ኤልሳቤጥ የታማኝነትን ነገር በማንሳትዎ ደስ ብሎኛል፤ እኔንም ያሳስበኛል። ሆኖም ማስታወሻውም ነፃ አይደለም። ምጸት የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ ቅሬታውን በግልጽ መናገር ያልፈለገ ሰው ነው፤ ቢጠየቅ «አመሰገንኩ እንጂ ምን አልኩ?» የሚልበትን በር ክፍት ይተዋል። ማስታወሻው ያንን በር ይዘጋበታል። የእኔ አተረጓጎም ደግሞ በከፊል ይዘጋዋል። ስለዚህ ሁለቱም መንገድ ጸሐፊውን ሳይጠይቁ አይሆንም፤ «ቀኑን ልጨምር ወይስ በቀጥታ ቅሬታ አድርጌ ልጻፈው?» ብሎ መጠየቅ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም። ከዚህ ባለፈ የትኛው ይበልጥ ታማኝ ነው በሚለው የምንስማማ አይመስለኝም።

ለወይዘሮ የኔነሽ፦ ልጅቷ ያላወቀችው ሁለት ወሩን እንደቆጠሩ ነው። «ሁለት ወር ሆነ፤ ድምፅሽ ናፈቀኝ» ቢሏት ስለ «አይ ጎበዝ» ምንም ማስረዳት ሳያስፈልግ ነገሩ ይገባታል። የድሮውን መልእክት ትርጉም መንገር አለመንገሩን ግን ለእርስዎ እተወዋለሁ።

ሕይወት

ባልደረባዬን ዛሬ ጠየቅኩት። «ይህ ለማንም ግልጽ ነው፤ እርሷ ሆን ብላ ነው እንዳልገባት የሆነችው» አለኝ። ይህን እንዴት ላስረዳው?

ዘነበ

ጀስቲን ክሩገርና ባልደረቦቹ በ2005 ያሳተሙት ጥናት ይረዳዎታል። ተሳታፊዎቹ ገሚሱ የምር፣ ገሚሱ የምጸት የሆኑ ዓረፍተ ነገሮችን አንዳንዴ በኢሜይል አንዳንዴ በድምፅ ያስተላልፋሉ፤ ተቀባዩ የትኛው የምር፣ የትኛው ምጸት እንደሆነ ይለያል። ላኪዎቹ በሁለቱም መንገድ ከ100 ውስጥ 78 ያህሉ በትክክል ይለያል ብለው ገምተው ነበር። በድምፅ የተላለፈው 73 ያህል ሆነ። በኢሜይል የተላከው ግን 56 ብቻ ነበር። ሁለት ምርጫ ብቻ ስላለ በጭፍን የሚገምት ሰው እንኳ 50 ያገኛል። ይህ የሆነው በአንድ ቋንቋ በሚጻጻፉ ሰዎች መካከል ነው፤ ተርጓሚ በመሃል አልነበረም።

ምክንያቱ ጸሐፊ የጻፈውን ሲያነብ የራሱን ድምፅ መስማቱ ነው። ባልደረባዎ «ምን ይሳንዎታል» የሚለውን ሲያነብ የራሱን ምሬት ይሰማል፤ ምሬቱ ግን ስክሪኑ ላይ የለም። ለዚህ የሚሆን መፈተኛ አለ። መልእክቱን ከልብ የሚያመሰግን ሰው ድምፅ አስመስሎ ጮክ ብሎ ያንብበው። በዚያ ድምፅ ሳይደናቀፍ ከተነበበ ምጸቱ ጽሑፉ ውስጥ የለም ማለት ነው። የእርስዎን የእንግሊዝኛ ትርጉም እንዲህ ቢያነቡት በደስታ ይነበባል። ቀኖቹ ያሉበትን ግን በዚያ ድምፅ ማንበብ ይከብዳል።

መስፍን

ይህን መፈተኛ በራሴ የድሮ መልእክቶች ላይ ሞከርኩት። አምስት አነበብኩ፤ አራቱ በምስጋና ድምፅ ያለ ችግር ተነበቡ። ስለ `/s` ያልኩትን አነሳለሁ። ስለ ፊቱ ምስል ግን አሁንም አልተረታሁም፤ ለሚተዋወቁ ሰዎች ይሠራል።

ኤልሳቤጥ

ለሚተዋወቁ ሰዎችማ ምልክትም አያስፈልግም። ችግሩ ለማያውቅሽ ሰው ስትጽፊ ነው።

ሕይወት

ያለውን ልንገራችሁ። ባልደረባዬ ጮክ ብሎ አነበበውና ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ቀኖቹ ያሉበትን አዲስ መልእክት እንድልክ ፈቀደ፤ «ፍጥነት» የሚለውን ግን ራሱ አስወጣው። «ሰነዱን በ3 እንጠብቅ ነበር፤ በ15 ደረሰን። ያለፈው መልእክቴ ቅሬታ እንጂ ምስጋና አልነበረም» የሚል ሆነ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሷ መጣ። ለእርሷ የተነገራት ቀነ ገደብ 16 ነው፤ ቀኑን የሰጣት ከእኛው ቡድን ሌላ ሰው ነው፤ መልእክቱንም አያይዛ ላከችው። እንደ እርሷ አቆጣጠር አንድ ቀን ቀድማ ነው ያስረከበችው፤ «እንዲህ ያለ ፍጥነት» ያልናትም እውነት መስሏት ነበር።

ስለዚህ ምጸቱን በሚገባ ብተረጉመው ኖሮ ባላጠፋችው ነገር ልትነቀፍ ነበር። ይቅርታ ተጠይቃለች። አሁን የምትጠይቀኝ ሌላ ነገር ነው፤ ከዚህ በፊት ከተረጎምኩላት ምስጋናዎች ውስጥ የትኞቹ የምር እንደነበሩ ማወቅ ትፈልጋለች። መልእክቶቹን መልሼ እያነበብኩ ነው፤ ሁለቱን እስካሁን መለየት አልቻልኩም።