«አስሩም ይወጣሉ፣ ከኋላ ያሉት ቅርፃቸውን ይጠብቃሉ» ማለት ምን ማለት ነው?

ቃል ለቃሚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ እግር ኳስ ትንታኔ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ እየገለበጥኩ ነው። ተንታኙ ስለ ከፍተኛ ፕሬስ፣ ማለትም ተጋጣሚን እዚያው በራሱ ሜዳ ስለማጣደፍ፣ ሲያወራ እንዲህ ይላል፦ «ትሪገሩ ሲመጣ አስሩም ይወጣሉ፣ ከኳሱ ኋላ ያሉት ቅርፃቸውን ይጠብቃሉ።» ሁለት ነገር ቸገረኝ። ትሪገርን በአማርኛ ምን እንበለው? ሁለተኛው ይብሳል። አስሩም ከወጡ ማን ቀርቶ ነው ቅርፅ የሚጠብቀው? እሱ ተምታቶበት ነው ወይስ እኔ ኳስ ስለማላውቅ?

ፊደል ወዳጅ፦
ትሪገር ቃታ ነው። ምላጭም ይባላል። እዚህ ላይ ግን አሰልጣኙ ከዳር ሆኖ «ውጡ!» የሚልባትን ቅጽበት ነው የሚያመለክተው። እሱ ሲጮህ ሦስቱ አጥቂዎች ሮጠው ኳስ የያዘውን ያጣድፋሉ። ሌሎቹ ቦታቸው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። «አስሩም» ያለው አፉን አዳልጦት ነው። ሰርዘህ «ሦስቱ» በል።

አዲስ ገባ፦
«ከኳሱ ኋላ ያሉት» ማለት ኳስ አልፋቸው የሄደች፣ ወደ ኋላ የቀሩት አይደሉም እንዴ? እነሱማ ምን ቅርፅ አላቸው!

ስድስት ቁጥር፦
አይ፣ በኳሷና በራሳችን ጎል መካከል ያሉት ናቸው። ኳስ ያለፈቻቸው ከኳሱ ፊት ቀሩ ነው የሚባሉት። ግራ ያጋባል፣ እውነት ነው።

ፊደል ወዳጅ፣ ቃታ ያልከውን ወድጄዋለሁ። የሚስበው ግን አሰልጣኙ አይደለም። ጩኸቱ እስኪሰማ ኳሷ ሌላ ቦታ ሄዳለች። ቃታውን የሚስበው ራሱ ተጋጣሚው ነው። ተጫዋቾቹ ቀድመው ልምምድ ላይ የተስማሙባቸው ነገሮች አሉ። ኳስ ወደ ኋላ ስትመለስ። ተቀባዩ ጀርባውን ሰጥቶ ሲቀበል። የመጀመሪያ ንክኪው ሲያመልጠው። ለመስመር ተከላካዩ ወደ ዳር ስትሰጥ። በሁሉም ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ ባለ ኳሱ ለአፍታ ወደ ፊት ማየት ወይም ማቀበል አይችልም። ያቺን አፍታ ነው የምንፈልጋት።

ለበረኛ የምትመለስ ኳስም እንደዚያው ናት። በአውሮፓውያን 1992 በወጣው ሕግ፣ የገዛ ጓደኛው ሆን ብሎ በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በረኛ በእጁ መያዝ አይችልም። ከዚያ በፊት ያቺ ኳስ ማረፊያ ነበረች።

ቃል ለቃሚ፦
እሺ ጋሼ፣ ቃታው ገባኝ። «አስሩም» የሚለውስ?

ስድስት ቁጥር፦
«አስሩም» ትክክል ነው። አትሰርዘው። አንድ ሁኔታ ይዘን እንየው።

ሁለታችንም 4-3-3 እንጫወታለን። እነሱ ከኋላ ይጀምራሉ። ኳሷ በግራ የመሃል ተከላካያቸው እግር ላይ ናት። የእኛ ቀኝ ክንፍ በእሱና በግራ መስመር ተከላካያቸው መካከል ቆሟል። የመሃል ተከላካዩ ወደ ዳር ያቀብላል። ቃታው ተሳበ።

ያቺ ቅብብል 20 ሜትር ገደማ ናት እንበል። መሬት ለመሬት ስትሄድ ወደ ሁለት ሰከንድ ትወስዳለች። ክንፋችን መነሳት ያለበት ኳሷ ከመሃል ተከላካዩ እግር ስትወጣ ነው። እስክትደርስ ከዘገየ ያኛው ተቆጣጥሮ ቀና ብሏል፤ ሩጫው ከንቱ ነው። ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ከውስጥ በኩል ጠምዘዝ ብሎ ይቀርባል፤ ወደ መሃል የሚወስደውን መንገድ በሰውነቱ እየዘጋ። አጥቂያችን ወደ መሃል ተከላካዩ የምትመለሰዋን ይዘጋል። ለባለ ኳሱ የቀረው የጎን መስመሩን ይዞ ወደ ፊት መላክ ብቻ ነው።

አሁን ከኋላ ያሉትን ተመልከቱ። ቀኝ አማካያችን ቅርብ ያለውን አማካያቸውን ለመያዝ ይወጣል። እሱ የለቀቀውን ቦታ ስድስት ቁጥሩ፣ ከተከላካዮች ፊት ያለው አማካይ፣ ይሸፍናል። የእኔ ቦታ ስለነበረች ነው ይቺን የማስረዝማት። ስድስት ቁጥሩ ኳሷን ካየ ይዘገያል፤ ማየት ያለበት የአማካዩን ጀርባ ነው። እሱ ሲነሳ ይነሳል። ቀኝ መስመር ተከላካያችን ደግሞ ወደ ክንፋቸው ይጠጋል። በመስመሩ ኳስ ብትላክ፣ ያ ክንፍ ፊቱን ሳያዞር ይደርስበታል። ከኋላው ቀኙ የመሃል ተከላካይ ይሸፍነዋል።

በወዲያኛው በኩል ያሉት ግራ ክንፋችንና ግራ መስመር ተከላካያችን ወደ መሃል ይሰበሰባሉ። የእነሱ ቀኝ መስመር ተከላካይ ብቻውን ቀረ ማለት ነው። ይቅር፤ ሆን ብለን ነው። ሜዳው 68 ሜትር ስፋት ካለው፣ ከዳር እስከ ዳር የምትሻገር ኳስ አየር ላይ ትቆያለች። እስክታርፍ ተንሸራትተን እንደርሳለን። በዚያ ላይ ጫና ያለበት ሰው እንዲህ ያለ ኳስ አስተካክሎ መላክ ይከብደዋል። ጫናው ከሌለ ግን ይሄ ሁሉ ሂሳብ ይፈርሳል።

ስለዚህ አስሩም ወጥተዋል። ቅርፁም አለ። አንዱ ከሌላው ያለው ርቀት ሳይበላሽ ሁሉም ነው የተንቀሳቀሱት።

ጠብቆ ላልቶ፦
እኔ ኳስ አላይም፣ ግን እዚህ ጋ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ይጠብቃል» ሁለት ነው። «ብ» ጠብቃ ስትነበብ ጥበቃ ነው። ላልታ ስትነበብ መጥበቅ ነው፣ እንደ ገመድ። የተንታኙ «ቅርፃቸውን ይጠብቃሉ» የመጀመሪያው ነው፤ «ን» ስላለች ሌላ ሊሆን አይችልም። ቃል ለቃሚ የተቸገረው ጥበቃን ከመቆም ጋር ስላያያዘው ይመስለኛል። እረኛም ከብት ይጠብቃል፣ ግን አብሮ ይሄዳል።

ፊደል ወዳጅ፦
እረኛዋ ጥሩ ናት። ነገር ግን እኔም ሙሉ በሙሉ አልተሸነፍኩም። ቴሌቪዥን ላይ የኋላዎቹን አራቱን ስናይ ብዙ ጊዜ ቆመው ነው የሚታዩት።

ስድስት ቁጥር፦
ካሜራው ኳሷን ስለሚከተል ነው። ሜዳ ሄደህ አይንህን ከኳሷ ላይ አንሳና የመጨረሻውን መስመር ብቻ እይ። ኳስ ወደ ኋላ በተመለሰች ቁጥር አራት አምስት ሜትር ይወጣሉ።

የቅዳሜ ተከላካይ፦
እስቲ የእኔን ጉድ ፍረዱኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንጫወታለን፤ እኔ የመሃል ተከላካይ ነኝ። አጥቂዎቻችን ፕሬስ ይወዳሉ። ግን በየጨዋታው መሃል ላይ እየተከፈትን ጎል ይገባብናል። እነሱ እኔን ይወቅሳሉ፣ «አልወጣህም» ብለው። እኔ ፈጣን አይደለሁም። ሳጥኔ ጫፍ ላይ መቆም ይሻለኛል። ጥፋቱ የማን ነው?

ስድስት ቁጥር፦
ወንድሜ፣ እንደምር። ሜዳችሁ 105 ሜትር ነው እንበል። አጥቂዎቻችሁ የእነሱ ሳጥን ጫፍ ላይ ይጫናሉ። አንተ የራስህ ሳጥን ጫፍ ላይ ነህ። እያንዳንዱ ሳጥን 16.5 ሜትር ነው። ሁለቱ ሲቀነሱ በአንተና በአጥቂዎችህ መካከል 72 ሜትር ይቀራል። ሦስት አማካይ ይህን እንዴት ይሙላው? ጥሩ ቡድን ሲጫን ከፊተኛው እስከ ኋለኛው ተጫዋች 30 ሜትር አካባቢ ነው የሚሆነው። አሰልጣኙ አሪጎ ሳኪ ሚላንን ይዞ በአውሮፓውያን 1989ና 1990 የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ሲያነሳ ቡድኑ የታወቀበት አንዱ ነገር ይሄ መጠጋጋት ነበር።

ስለዚህ ጥፋቱ የአንድ ሰው አይደለም። ሁለት አማራጭ አላችሁ። ወይ አንተ መሃል ሜዳ አካባቢ ትወጣለህ፣ በረኛህም ከሳጥኑ ወጥቶ ከጀርባህ ያለውን ባዶ ቦታ ይጠብቃል። ወይ አንተ ባለህበት ትቆያለህ፣ አጥቂዎቹ ደግሞ ወደ መሃል ሜዳ ወርደው ከዚያ ይጀምራሉ። እነሱ ላይ፣ አንተ ታች የሚባል ሦስተኛ መንገድ የለም።

የቅዳሜ ተከላካይ፦
መሃል ሜዳ ከወጣሁማ ከጀርባዬ ረጅም ኳስ ቢልኩብኝ አለቀልኝ። ኦፍሳይድ ያድነኛል?

ስድስት ቁጥር፦
ሁሌ አያድንህም። አጥቂያቸው ኳሷ ስትላክ በራሱ የሜዳ አጋማሽ ከሆነ ኦፍሳይድ የለም። ስለዚህ መሃል መስመሩን አልፈህ መውጣትህ በኦፍሳይድ በኩል ምንም አይጨምርልህም። ከጎል ምት በቀጥታ ለመጣች ኳስም ኦፍሳይድ የለም፤ ያን ጊዜ ወረድ በል።

ዋናው ባለ ኳሱን ማየት ነው። አንገቱን ደፍቶ ኳሷን እየታገለ ከሆነ ውጣ። ቀና ብሎ እግሩን ወደ ኋላ ከሳበ ሊልክ ነው፤ እግሩ ኳሷን ሳይነካ በፊት ወደ ኋላ ሩጥ። ከተመታች በኋላ የምትነሳ ከሆነ ፈጣንም ብትሆን አትደርስም። የምታመልጥህ በፍጥነትህ ሳይሆን በነዚያ ሁለት ሦስት እርምጃዎች ነው።

ባለ ማስታወሻ፦
ጋሼ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ክንፉ ዘግይቶ ወጣና ባለ ኳሱ ነፃ ሆነ እንበል። እኔ የማሰለጥናቸው ልጆች መስመራቸውን ይዘው እንዲቆዩ ነው የማደርገው። አንዱ ሲሮጥ ሌላው ከቆመ ኦፍሳይድ መስመሩ ይሰበራል። አራቱም እኩል ካልወረዱ መውረድ ይበልጥ ይጎዳል።

ስድስት ቁጥር፦
እኩል መውረድን ማስተማር ነዋ። ቢሆንም ልጆች ላይ ያልሽው ሚዛን ይደፋል። በረኛሽ ወጥቶ መጫወት የሚችል ከሆነ ደግሞ መቆየቱ አያስፈራም። የበረኛ ጉዳይ ነው።

ባለ ማስታወሻ፦
በረኛዬ 13 ዓመቱ ነው!

አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ኋላ የምትመለስ ኳስ ሁሉ ቃታ ናት ተብሎ መጻፍ የለበትም። አሁን አሁን ቡድኖች ሆን ብለው ይመልሳሉ። እንድትወጣባቸው ነው የሚፈልጉት፤ ስትወጣ ከጀርባህ ይጫወታሉ። ልጆቼን የማስተምራቸው መጀመሪያ ዘወር ብለው እንዲያዩ ነው። አማካዮቻችን ቅርብ ካሉ ውጣ። ከሌሉ ያቺ ኳስ ቃታ አይደለችም፣ ማጥመጃ ናት።

ፊደል ወዳጅ፦
እንግዲያው «ቃታ» ይቅር። ተጋጣሚው የሚስበው ቃታ እንዴት ይባላል? «ምልክት» ይሻላል።

ጠብቆ ላልቶ፦
ምልክት ሰፋ። ዳኛም ምልክት ያሳያል፣ አሰልጣኝም። «መውጫ ምልክት» ቢባልስ?

ስድስት ቁጥር፦
ልምምድ ላይ «መውጫ ምልክት» ብዬ ብጮህ ኳሷ ታልፋለች። እኛ «ሂድ!» ነበር የምንባባለው። ለጽሑፍ ግን እናንተ ታውቃላችሁ።

ቃል ለቃሚ፦
ለጊዜው እንዲህ ጻፍኩት፦ «ኳሷ ወደ ዳር ስትሰጥ አስሩም አብረው ይወጣሉ፤ ከኳሷ ኋላ ያሉትም በመካከላቸው ያለውን ርቀት ሳያሰፉ ይከተላሉ።» ትሪገርን እዚያ ቦታ ላይ ዘልዬዋለሁ። ሌላ ቦታ ግን «የውሸት ትሪገር» የሚል አለ። እሱንስ «ማጥመጃ» ልበለው?

ባለ ማስታወሻ፦
ተንታኙ ተጋጣሚው ሆን ብሎ አደረገው ካለ፣ አዎ። አጥቂው ብቻውን ተሳስቶ ከወጣ ግን ማንም አላጠመደውም። የትኛውን ነው ያለው?

ቃል ለቃሚ፦
ቆይ፣ ድምፁን መልሼ ልስማው።