ጥቆማ፦ ቸርችል ጎዳና ላይ ላለች ትንሽ ሱቅ የማን ፖስ፣ የማን ኪውአር ይሻላል?

የቸርችሏ ባለሱቅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቸርችል ላይ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የባህል ዕቃና የታሸገ የተቆላ ቡና ነው የምሸጠው። ከደንበኞቼ ገሚሱ ቱሪስት ነው፤ ካርድ ነው የሚያወጣው። የቀረው የአገር ሰው ነው፤ ስልኩን ይዞ «አካውንትሽን ንገሪኝ» ይለኛል። እስካሁን በጥሬ ገንዘብና በዝውውር ቆይቻለሁ። አሁን ፖስ ማሽን ላስገባ ነው። ሁለት ባንክ ጠየቅኩ። ለውጭ ካርድ አንዱ 3 ከመቶ አለኝ፣ ሌላው 3.5። ለአገር ውስጥ ካርድ ግን ሁለቱም ዝቅ አደረጉልኝ።

አንድ ኪሎ ቡና በ1,000 ብር ስሸጥ የሚተርፈኝ 120 ብር ነው። 3 ከመቶ 30 ብር ነው። የትርፌ ሩብ ሄደ ማለት ነው! ማሽኑ ምን ሠርቶ ነው? ለመሆኑስ ለምን የተለያየ ሆነ? የሞከራችሁ ጠቁሙኝ።

አብዱ ዘመርካቶ፦
እህቴ፣ አትድከሚ። ብሩን የሚበላው ቪዛ ነው። ባንኩ ተላላኪ ነው፤ ምንም የለበትም። የትም ብትሄጂ ያው ነው፣ ቅርብሽ ያለውን ውሰጂ።

ሄኖክ፦
እኔም ስለ ውጭ ካርድ ልጠይቅ ነበር። ከውጭ ድረ ገጽ ዕቃ መግዛት የሚያስችል ካርድ የሚሰጠው የትኛው ባንክ ነው? ዶላር ማስገባት ግድ ነው?

የቸርችሏ ባለሱቅ፦
ሄኖክ፣ እኔ መቀበል ነው የፈለግኩት፤ መክፈል አይደለም። ለሱ ሌላ ጥያቄ ክፈት ባይሆን።

ጡረተኛው (ካርድ ክፍል የነበርኩ)፦
ልጄ፣ አብዱ ግማሹን ልክ ነው። ቪዛ ይወስዳል፤ ግን ትልቁን ቁራጭ አይደለም። እኔ በባንክ ካርድ ክፍል ዕድሜዬን ስለጨረስኩ ትንሽ ላስረዳሽ።

አንድ ጀርመናዊ ቱሪስት ከሱቅሽ በ10,000 ብር ዕቃ ገዛ እንበል። 3 ከመቶ ተቆርጦ 9,700 ብር ይገባልሻል። የቀረችው 300 ብር ሦስት ኪስ ነው የምትገባው። ትልቁ ድርሻ ካርዱን ለሰውየው ወደ ሰጠው የጀርመን ባንክ ይሄዳል። ኢንተርቼንጅ የምንለው እሱን ነው። ቀጥሎ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ለመስመሩና ለስሙ የራሱን ይወስዳል። የተረፈው ማሽኑን ለሰጠሽ ባንክ ነው። ለመረዳት ያህል ኢንተርቼንጁ 180፣ የቪዛው 60፣ የባንክሽ 60 ብር ነው ብለሽ አስቢ። ትክክለኛው አከፋፈል እንደ ካርዱ ዓይነት ይለያያል። ወርቃማና ፕላቲነም የሚባሉት ካርዶች ለሰጪው ባንክ ከተራው ካርድ የበለጠ ያስገባሉ። ሰውየው ከባንኩ የሚያገኘው ነጥብና ሽልማት በከፊል ከእንዳንቺ ዓይነቱ ሱቅ የተቆረጠ ነው።

አሁን ነገሩ ይኸ ነው። ኢንተርቼንጁን ባንክሽ አይወስንም፤ በቪዛና በማስተርካርድ ደንብ ተቆርጦ የመጣ ነው። ስለዚህ «3 ከመቶውን 1 አድርጉልኝ» ብትዪ የማይሆን ነው። ባንኩ ገና ሳይጀምር 240 ብር ከፍሏል። ልትደራደሪ የምትችዪው በቀረችው 60 ብር ላይ ነው። አንዱ 3፣ ሌላው 3.5 ያለሽ በዚህችው የራሱ ቁራጭ ላይ ስለሚለያዩ ነው። ያችን 3.5 ያለሽን ትተሽ 3 ያለሽን ጥሩ አድርገሽ አነጋግሪው።

አብዱ ዘመርካቶ፦
ጋሼ፣ ታዲያ ጀርመን ውስጥስ ለምን አነሰ? የአጎቴ ልጅ እዚያ ሱቅ አለው፤ ሳንቲም ነው የሚቆረጥብኝ ይላል።

ጡረተኛው፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሕግ ኢንተርቼንጁን ለዴቢት ካርድ 0.2፣ ለክሬዲት ካርድ 0.3 ከመቶ ላይ ገድቦታል። ያ ግን ካርዱ እዚያው አውሮፓ ውስጥ ሲሠራበት ነው። ካርዱ አዲስ አበባ ሲደርስ ጣሪያው አብሮት አይመጣም። ያው ሰውዬ፣ ያው ካርድ፣ ሌላ ዋጋ።

አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። ቱሪስቱ ሲከፍል አንቺ የምታገኚው ብር ነው፤ የውጭ ምንዛሬው ግን ባንኩ ጋር ይቀራል። ለባንኩ ይኸ ከዚያች 60 ብር በላይ ዋጋ አለው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሬው በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላም ባንኮች ዶላር መፈለጋቸው አልቀረም። ስለዚህ ድርድር ስትገቢ በወር የምትሸጪውን ጠቅላላ አትናገሪ። «ከዚህ ውስጥ ይህን ያህሉ የውጭ ካርድ ነው» በይ። የሚያነጋግርሽ ሰው ፊቱ ይቀየራል።

ሳባ፣ ስቴዲየም አካባቢ ምግብ ቤት፦
እኔ የራሴን ልናገር። ከአንድ ባንክ ጋር 2 ከመቶ ብለን ተዋዋልን። የቀኑ መዝጊያ ወረቀት 24,500 ብር ይላል። በማግስቱ አካውንቴ ላይ የገባው 23,936.50 ነው። 563.50 ጎደለ። 2 ከመቶ ግን 490 ነው። «ሰረቃችሁኝ» ብዬ ቅርንጫፉ ድረስ ሄጄ ጮህኩ። ልጁ ካልኩሌተር አውጥቶ አሳየኝ፦ 490 ላይ 15 ከመቶ ቫት፣ 73.50። እናም 2 ያልኩት 2.3 ሆኖ አገኘሁት። ውሉ ላይ በትንሽ ፊደል አለ። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት «ቫቱ ከውስጥ ነው ከላይ?» በዪ። የማሽኑን ወረቀትና የገባውን ብር በየቀኑ አስተያዪ፤ ወር ሲሞላ ብቻ ከሆነ ማን ምን እንደወሰደ አይገባሽም።

ጡረተኛው፦
ሳባ ያለችው ትክክል ነው። ቫት ከፋይ ከሆንሽ ደግሞ የኮሚሽኑን ደረሰኝ አትጣዪ፤ ለሒሳብ ሠራተኛሽ ስጪ። ሽያጭሽን የምትመዘግቢው በጠቅላላው 24,500 ነው፤ በገባው ልክ አይደለም። ኮሚሽኑ ወጪ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ቤዛ፦
እኔ ፖሱን ትቼ በዝውውርና በቴሌብር ብቻ ነው የምሠራው። ከኔ የሚቆረጥ የለም። ላኪው ነው የሚከፍለው። ለምን ከመቶ እየተቆረጠባችሁ ትሠራላችሁ?

የቸርችሏ ባለሱቅ፦
ቤዛዬ፣ ቱሪስቱ ቴሌብር የለውማ። ለአገር ሰው ግን ልክ ነሽ፤ እዚያ ላይ ፖስ ያስፈልገኛል ወይ?

ጡረተኛው፦
እዚህ ላይ ትንሽ መለየት ያስፈልጋል። ቤዛ ያለችው ዝውውር ሌላ ነገር ነው። ደንበኛው ገንዘቡን ይገፋዋል፤ ክፍያውም በሱ ላይ ነው። ካርድ ግን አንቺ ትስቢዋለሽ፤ ሳቢው ይከፍላል። የካርዱ ኢንተርቼንጅ መነሻ ምክንያት ካርዱን የሰጠው ባንክ አደጋውን ስለሚሸከም ነው ይባላል፤ ካርድ ሲሰረቅ፣ በዱቤ የገዛው ሳይከፍል ሲቀር። ከመቶ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ብሩ ሲበዛ አደጋውም ይበዛል። እኔ ለዱቤ ካርድ ክርክሩ ይገባኛል። አካውንቱ ላይ ያለውን ብር ለሚያወጣ ለአገር ውስጥ ዴቢት ካርድ ግን ያን ያህል አያሳምነኝም። ለዚያም ነው ለአገር ውስጥ ዝቅ ያለ ዋጋ የሰጡሽ።

የአገር ውስጡን ካርድ ደግሞ እንዲህ አስቢው። የደንበኛሽ ካርድና ማሽንሽ የአንድ ባንክ ከሆኑ ገንዘቡ ከዚያ ባንክ ቤት አይወጣም። ለሌላ ባንክ የሚከፈል ኢንተርቼንጅ የለም። ካርዱ የሌላ ባንክ ከሆነ ግን ባንኮችን እርስ በርስ በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ያልፋል፤ ለሰጪው ባንክም ለመስመሩም የሚከፈል አለ። ስለዚህ ከመወሰንሽ በፊት ለጥቂት ጊዜ ደንበኞችሽ ምን ካርድ እንደሚያወጡ አስተውዪ። አብዛኛው የንግድ ባንክ ካርድ ከሆነ የንግድ ባንክ ማሽን ለድርድር የተሻለ ቦታ አለው። ለውጭ ካርድ ግን እንዲህ ያለ ጥቅም የትም የለም። እዚያ ማየት ያለብሽ ማን የትኛውን ካርድ እንደሚቀበል ነው። ለምሳሌ አሜሪካዊ ቱሪስት የሚበዛብሽ ከሆነ አሜሪካን ኤክስፕረስ የሚቀበለውን ዳሸንን ጠይቂ። ቻይናውያን ከበዙ ዩኒየንፔይ የሚቀበል ይሁን።

ቴሌብር ደግሞ ኪሱ አንድ ነው። ከፋዩም ተቀባዩም ቴሌብር ላይ ከሆኑ መሐል የሚገባ የካርድ ድርጅት የለም። ለነጋዴ ኮድ የሚያስከፍለውን ግን ከራሳቸው ጠይቂ፤ የግለሰብ ቁጥርና የነጋዴ ኮድ አንድ አይደሉም።

ቤዛ፦
እሺ ገባኝ። ግን በግል አካውንት ስለምቀበል ሊቆጣጠሩኝ ይችላሉ እያሉ ያስፈራሩኛል።

ሳባ፦
ማስፈራራት አይደለም። የንግድ ገቢሽን ከቤተሰብ ብር ጋር ማደባለቅ በኋላ ለግብር ማስረዳት ያስቸግራል። ሌላው ስክሪንሹት ነው። ሰው ስልኩን ዘርግቶ «ላክሁ» ይላል፤ ሥዕሉ የትናንት ሊሆን ይችላል፣ ተሠርቶም ሊሆን ይችላል። በራስሽ ስልክ ላይ ከቴሌብሩ 127 ወይም ከባንክሽ መልእክት እስኪመጣ ዕቃውን አታስረክቢ። ቤቱ ሲጨናነቅ ነው የሚሸውዱት።

አብዱ ዘመርካቶ፦
እኔ ብሆን «በካርድ ከሆነ 3 ከመቶ ይጨመራል» ብዬ እለጥፋለሁ። አለቀ።

ጡረተኛው፦
አያልቅም፣ አብዱ። የፖስ ውሎች አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይከለክላሉ፤ ቱሪስቱም ለባንኩ ቅሬታ ካቀረበ መልሱ ወደ አንተ ነው የሚመጣው። ለጥሬ ገንዘብ ቅናሽ ማድረግ ሌላ ነገር ነው፤ ያንንም ውሉን አንብቦ ነው።

ሄኖክ፦
ታዲያ ለምን ዜሮ አይሆንም? ህንድ እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ ዩፒአይ በሚባለው የስልክ ክፍያ ከባንክ አካውንት ለሚከፈለው ከነጋዴው ምንም አይቆረጥም።

ጡረተኛው፦
እውነት ነው። ዜሮ ቢሆንም ግን ወጪው አልጠፋም፤ መንግሥት ለባንኮች ድጎማ መስጠት ነበረበት። ባንኮቹ ዛሬም ይከራከራሉ። እኛ አገር ላይ ማን ይሸከመው የሚለው ጥያቄ እንዲሁ ቀላል አይደለም።

የቸርችሏ ባለሱቅ፦
አመሰግናለሁ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ ሳባ። ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ለቱሪስቱ አንድ ፖስ፣ ያውም «የውጭ ምንዛሬ አመጣላችኋለሁ» ብዬ 2.7 ከመቶ ለመጠየቅ። ለአገር ሰው ደግሞ ኪውአርና ዝውውር በንግድ አካውንት። ቅዳሜ ቱሪስት ሲበዛ ስንት ካርድ ቪዛ፣ ስንቱ ሌላ እንደሆነ ልመዝግብ ነው። ግን አንድ ነገር፦ ባንኩ «ዝቅተኛ ወርሃዊ ሽያጭ ካልሞላሽ ኪራይ ትከፍያለሽ» ብሎኛል። ክረምት ቱሪስት ሲጠፋ ስንት ያስከፍሏችኋል? ሳባ፣ ያንቺ ላይ አለ?

ሳባ፦
የኔ ላይ የለም፤ ምግብ ቤት ስለሆነ ክረምትም ይሞላል። ያንቺ ዓይነት ሱቅ ያለው ሰው ይመልስልሽ።